ከ«አዲስ» በኋላ ያሉት ሦስት ነጥቦች

ሱቁ የወንድሜ ነው። ወረታ ላይ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አባታችን ድሮ ጨውና ሩዝ ይሸጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያገለገሉ ስልኮችን እንሸጣለን። ወንድሜ ይገዛል፣ ይፈትሻል፣ ይጠግናል። እኔ ፎቶ አነሳና ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በሚከፍተው የመገበያያ ገጽ እለጥፋለሁ። ከፎቶው ሥር የምትቀመጠውን አንዲት መስመር የምጽፈውም እኔ ነኝ። ርዕስ እንላታለን።

ርዕስ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። ገዢ ማወቅ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ሞዴሉን፣ ስንት ጂቢ እንደሚይዝና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። አራቱን በአንድ መስመር መክተት አለብሽ። ከአራቱ አንዱን ከዘለልሽ ቀኑን ሙሉ «ስንት ጂቢ ነው?» እያለ ስልክ ይጮኻል። አንዴ ሠላሳ ሁለት የሚባለውን ሞዴል ለጥፌ ጂቢ የምትለዋን ቃል ብተዋት፣ ግማሹ ሰው ሠላሳ ሁለቱን የሚይዘው መጠን ነው ብሎ «ይኼማ ትንሽ ነው» እያለ አለፈው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻውን አልተውም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የድርጅት ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። እናታችን እንደምትጠራው «የኮሪያው» እላለሁ። ርዕሶቹንም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

ወንድሜና እኔ በርዕስ የተጣላነውን ያህል በውርስ የሚጣላ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ የተጣላነው «ንጹህ» በሚለው ቃል ነው። እሱ በፀሐዩ ፀ ይጽፋል፣ እኔ በጸሎቱ ጸ። አንድ ደንበኛ «ንጹህ» ብሎ ቢፈልግ የእኔ ብቻ ይወጣለታል፤ በሌላው ፊደል ቢፈልግ የእሱ ብቻ። ማሽኑ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅማ። ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀን ማናችንም አልተሸነፍንም። ሁለተኛው ጠብ ግን ከባድ ነበር። ሐሙሲት ላይ አንድ ሱቅ ተከፈተና ርዕሱን ሁሉ በሙገሳ ይጀምር ጀመር። ወንድሜ የእነሱን ገጽ እያሳየኝ፣

«እይ እስኪ፤ እነሱ ይጣራሉ፤ እኛ እንደ ለቅሶ ቤት እናንሾካሹካለን» አለኝ።

«ሰው የሚፈልገው ሞዴሉን ነው» አልኩት።

«ሰው የሚፈልገው ደስ የሚል ነገር ነው። ጻፊ ስልሽ ጻፊ።»

ግትር ነኝ፤ ግን የሐሙሲቱ ሱቅ ይሸጥ ስለነበር ተሸነፍኩ። በዚያ ሰሞን አንድ ጥሩ ስልክ ገዝቶ ነበር፤ የኮሪያው፣ ኤ14፣ መቶ ሃያ ስምንት ጂቢ። ጂቢውን ራሴ ከፍቼ አይቻለሁ። ከነካርቶኑ ነው የመጣው። ቻርጅ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ጭረት አለችው፤ ሌላ እንከን የለውም። እንዲህ ብዬ ለጠፍኩት፤

«እጅግ አስደናቂ! ንጹህ! አዲስ የሚመስል የኮሪያው ኤ14 128ጂቢ»

በእኔ ስልክ ላይ ሁለት መስመር ሞልቶ ሙሉው ይታያል። አንድም ውሸት የለበትም። አዲስ ይመስላል፤ አዲስ ነው አላልኩም። ልቤ አልወደደውም እንጂ ሕሊናዬ አልቆረቆረኝም።

ከሳምንት በኋላ፣ አርብ ከሰዓት፣ አንዲት አስተማሪ ወደ ሱቅ ገባች። እጇ ላይ ያለችው ስልክ ትንሽ ናት፤ ፊደሏንም ለዓይኗ እንዲመች አተልቃዋለች። ገጻችንን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችውና፣

«ይኼን አዲሱን ማየት ፈልጌ ነበር» አለችኝ።

«የትኛውን አዲሱን? ገጹ ላይ አዲስ አልለጠፍንም» አልኩና አየሁት። ፎቶው የኤ14 ነው። ከሥሩ ግን የተጻፈው እንዲህ ብቻ ነበር፤

«እጅግ አስደናቂ! ንጹህ! አዲስ የ…»

እኔ እውነቱን የት አስቀመጥኩት? «የሚመስል» የምትለዋ ቃል ውስጥ። እሷ ደግሞ ተቆርጣለች። የቀረችው «የ» ብቻ ናት። ፎቶው ላይ የኮሪያው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሰው «የ» ሲያይ በልቡ «የኮሪያው» ብሎ ይጨርሳታል። አዲስ የኮሪያው! አማርኛችን ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውዬው «መጣ» ይሁን «አልመጣም» እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ትንሿ ስልክ ደግሞ መጨረሻውን ትቆርጣለች። ሁለቱ ሲገናኙ እኔን ውሸታም አደረጉኝ።

አስተማሪዋን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁና ወንድሜን ጠራሁት።

«ያ ኤ14 የት አለ? አሁኑኑ ርዕሱን ልቀይረው ነው።»

«ምን ትቀይሪዋለሽ፤ ተሸጧል። ትናንት ነው። የቁሐሩ ሰውዬ ደውለው ‹ያችን ስልክ ላክልኝ› አሉኝ፤ በባጃጅ ላክሁላቸው። ከነካርቶኑ አሳምሬ ነው የላክሁት።»

የቁሐሩ ሰውዬ ማለት ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሩዛቸውን ለአባታችን ያስረክቡ የነበሩ፣ አባታችን ሲሞት ከቀብር እስከ ሰደቃ ያልተለዩን ሰው። ከእኛ ቤት ዕቃ ሲወስዱ መዝነው አያውቁም።

«በምን ስልክ ነው ያዩት?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! የወንድማቸው ልጅ አሳይቷቸው ይሆናላ።»

«ለማን ነው የገዙት?»

ወንድሜ አሁን ነገሩ ሲገባው አየሁ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ለልጃቸው ጥሎሽ» አለኝ። «ከነገ ወዲያ እሑድ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥሎሽ ማለት ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚወስደው ስጦታ ነው፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ጌጡ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልኩ። ተደብቆ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በሙሽራይቱ ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ አንድ በአንድ እየተነሳ፣ ስሙ እየተጠራ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይታያል። የሙሽራይቱ ወገን «ይኼ አይሆንም» ብሎ መመለስ ይችላል። አዲስ ተብሎ የተጠራ ስልክ ጭረት ሲገኝበት፣ የሚዋረዱት እኚያ እኛን ያመኑ ሰውዬ ናቸው። በልጃቸው ሠርግ ላይ፣ በእኔ «የ» ምክንያት።

ደወልን። ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም። ደግመን ደወልን። ቅዳሜንም ስንደውል ዋልን። የሠርግ ቤት ስልክ ማን ቻርጅ ያደርገዋል!

ወንድሜ «ምናልባት ሙሉውን አንብበውት ይሆናል» አለኝ።

«ምናልባት! አንተ ነህ አስደናቂ አስደናቂ ስትል…»

«ጽፈሽ የለጠፍሽው አንቺ!»

እውነቱን ነው። የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። እሑድ ማለዳ ከሱቁ ያለንን አንድ የታሸገ አዲስ ስልክ፣ የኮሪያውን ኤ04፣ ሠላሳ ሁለት ጂቢ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ልቀይርላቸው ነበር ሐሳቤ። ወንድሜ ሱቅ ቀረ፤ እግዜሩ ይወቅለት፣ ፈርቶ ነው።

ጥር ስለነበር ሜዳው ደርቋል፤ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት መንገድ አቧራ ብቻ ሆኗል። የሩዙ ገለባ በየአውድማው ተከምሯል። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ቦርሳዬን አቅፌ «ምን ብዬ ልጀምር?» እላለሁ። ሰላምታው ብቻ ነው የመጣልኝ።

ከደጃቸው ስደርስ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ሊነሱ ቆመዋል። የሙሽራው አባት አዩኝና ፊታቸው በራ።

«ውይ የኔ ልጅ! መጣሽልን? ግቢ፣ ግቢ እንጂ። ለእናንተ ለብቻው የተሠራ አለ፤ እዚያ ጋ ተቀመጭ።»

እንዲያው ለእኛ ለእስላሞቹ ምግብ ሳይቀር ለይተው አስበዋል። ይኼ የበለጠ አሳፈረኝ።

«አባባ፣ መቀመጡ ይቆየኝ። ለብቻዎ ላናግርዎ።»

ከበረቱ ጥግ ወሰዱኝ። ነገርኳቸው። ስልኩ ያገለገለ መሆኑን፣ አዲስ የሚመስል ብዬ መጻፌን፣ ቃሉ በትንሽ ስልክ ላይ መቆረጡን፣ አንዱንም አልደበቅሁም። መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ቀጥሎ ገባቸው።

«እንዴ! እኔ እኮ ለሽማግሌዎቹ አዲስ ነው ብዬ ተናግሬአለሁ። ለሙሽራይቱም ቤት ተነግሯል። የወንድሜ ልጅ አንብቦልኝ ነው፤ ‹አዲስ የኮሪያ› ብሎ።»

«ያነበበው ልክ ነው አባባ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አዲስ ይዤልዎት መጥቻለሁ፤ ይቀይሩት።»

ኤ04ን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ከዚያኛው ይሻላል?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። «አዎ» ብል ነገሩ ሁሉ ያልቃል።

«አዲስ ነው። ግን የሚይዘው ትንሽ ነው፤ የዚያኛውን ሩብ ነው። ሥራውም እንደዚያኛው አይፈጥንም።»

በበረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ከውስጥ የታሰረውን ኮርማ ያዩ ጀመር። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በመገረም ዓይነት ድምፅ፣

«አንቺ ልጅ፣ ገበያ ወጥተሽ ከብት ሲሸጥ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሻጩ ምን ይላል? መጀመሪያ ዘሩን ይናገራል፤ የፎገራ ነው ይላል። ቀጥሎ ጥርሱን ያሳያል። ቀጥሎ ጉልበቱን። ከዚያ ነውሩን፤ ይዋጋል፣ ወይ ያነክሳል። አለቀ። ‹እጅግ አስደናቂ በሬ› ብሎ የሚጀምር ሻጭ ካየሽ ያ በሬ ታሟል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«በይ ጻፊልኝ» አሉ። «እንደ ከብቱ። ዘሩን፣ ጥርሱን፣ ጉልበቱን፣ ነውሩን። ሁለቱንም ስልክ ጻፊ። ሁለቱንም ይዤ እገባለሁ። ሰውየው አዲስ ብሎ አታለለን ከሚሉኝ፣ ቃሌን አስተካክዬ ብገባ ይሻለኛል። ልጅቱ ትምረጥ።»

«እንቢ ካሉስ?»

«እንቢ ካሉ ተዋረድኩ» አሉኝ። «ምን ይደረጋል።»

የደብተር ወረቀት አመጡልኝ። በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ ለመነሳት ይጠብቁ ስለነበር ሙገሳ ለመጨመር ጊዜም አልነበረኝ፤

«የኮሪያው ኤ14 128ጂቢ ያገለገለ»

«የኮሪያው ኤ04 32ጂቢ አዲስ»

የሙሽራይቱ ቤት ሩቅ አይደለም። ከሴቶቹ ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ፤ ከዳሱ ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻይና ዳቦ ለብቻ አቀረቡልኝ፤ ዳቦውን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ጥሎሹ ተጀመረ። ቀሚሱ ተነሳ፤ እልልታ። ጫማው ተነሳ፤ እልልታ። ነጠላው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንድ ሽማግሌ ጥለቱን በጣታቸው ሳይዳስሱ አላለፉትም። አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አሁን ስልኩ ነው፤ አዲስ ነው አሉ» አሉኝ።

የሙሽራው አባት ራሳቸው ተነሡ።

«ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «አዲስ ነው ብዬ ቃል ልኬ ነበር። ተሳስቼ ኖሯል። በአንደኛው እጄ ያለው ያገለገለ ነው። በሁለተኛው ያለው አዲስ ነው። እንደተጻፈው ይነበብላችሁ፤ ምርጫው የልጃችን ይሁን።»

አንድ ወጣት ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቱንም መስመር ጮክ አድርጎ አነበበ። ከሙሽራይቱ ወገን አንድ ሰው «ያገለገለ ለጥሎሽ?» ሲሉ ሰማሁ። ሌላው አጉረመረመ። የሙሽራይቱ አባት ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መሬት ያያሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አላህ ሆይ፣ ይኼን ሰውዬ በእኔ ምክንያት አታዋርድ አልኩ።

በዚህ መሐል ከእልፍኙ መጋረጃ ኋላ አንዲት አክስት ብቅ አለች።

«ልጅቱ ትጠይቃለች» አለች። «መቶ ሃያ ስምንት ያለው የቱ ነው?»

«ያገለገለው» አለ ወጣቱ።

አክስቲቱ ተመልሳ ገባች። ከውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ትንሽ ሳቅም ተሰማ። ወጣች።

«እሱን ነው የምፈልገው ትላለች። ደግሞ አታለሉን አትበሉ ትላለች። ገጹ ላይ ከፍታ ሙሉውን ያነበበችው እሷ ናት። ለሙሽራው ‹እንዲህ ያለውን ግዛልኝ› ብላ የነገረችው ራሷ ናት። የኮሌጅ ትምህርቷን በቪዲዮ የምትይዝበት ነው፤ ሠላሳ ሁለቱማ በወሩ ይሞላል ትላለች።»

አሮጊቷ አጠገቤ «እሰይ!» አሉ። ከዚያ ዳሱ ሙሉ እልልታ ሆነ። የሙሽራይቱ አባት ተነሥተው የሙሽራውን አባት ትከሻ ሳሙ፤ «ቃሉን ያስተካከለ ሰው ልጄን ቢወስድ አይቆጨኝም» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ አለቀስኩ። በደስታ ነው፤ ግን አላቆም ብሎኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ዳቦውንም ያን ጊዜ በላሁት፤ ሁለት ቁራሽ አስጨመርኩ።

ስወጣ የሙሽራው አባት በሩ ላይ ያዙኝ። ኤ04ን ወደ እጄ መለሱልኝ፤ ማሸጊያው አልተነካም።

«ለወንድምሽ ንገሪው» አሉኝ፤ «በሬው አልታመመም።»

ባጃጁ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «ሠርጉ ደስ ይል ነበር መሰለኝ» አለ። በጣም ደስ ይል ነበር አልኩት። አቧራው እንኳን ደስ ይል ነበር።

ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አገኘሁት። ገና ሳልወርድ ፊቴን አይቶ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ። ነገሩን ሁሉ፣ የበሬውን መልእክት ጭምር፣ ነገርኩት። ስለ ሐሙሲቱ ሱቅ ዳግመኛ አላነሳም። የአንዲት ደንበኛችንን ትንሽ ስልክ ተውሰን፣ ፊደሉን አተለቅንና መስመሩ ስንት ፊደል እንደሚይዝ ቆጠርን። ክፍት ቦታውና ምልክቱ ተጨምሮ ሃያ አንድ ነው። የእኔ አሮጌ ርዕስ «የ» ላይ የተቆረጠው ሃያ አንድ ሞልቶ ነው። «የኮሪያው ኤ14 128ጂቢ ያገለገለ» ብለን ብንቆጥርም ሃያ አንድ፤ ልክ በልክ። በጉልበቴ ላይ እየተጣደፍኩ የጻፍኩት ማለት ነው። ጭረቱንና ቀለሙን፣ ባትሪውንና ዋጋውን ከውስጥ፣ ማብራሪያው ውስጥ እናስገባቸዋለን ተባባልን። ርዕሱ ላይ ደግሞ ነውሩን የሚናገረው ቃል ከመጀመሪያ ፊደሉ ጀምሮ ነውር የሚናገር ይሁን፤ ቢቆረጥ እንኳን እንዳይዋሽ። «ያገለ…» ብሎ የሚቆም ቃል ማንንም አያታልልም።

ከዚያ ገጹን ከፈትኩና ያችን የታሸገች ስልክ ለጠፍኳት። ወንድሜ ከትከሻዬ ኋላ ሆኖ ያነባል። አንድም ሙገሳ አልጠየቀኝም። በተዋስነው ትንሽ ስልክ ላይ ከፍተን አየናት።

«የኮሪያው ኤ04 32ጂቢ አዲስ»

ከ«አዲስ» በኋላ ምንም ነጥብ አልነበረም።